ለአማቴ የሚሆን ፊልም

ዓርብ

አማቴን ኦፕሬሽን ሳያስገቧቸው መለሱን። የደም ግፊታቸው መቶ ሰማንያ በመቶ አምስት። ነርሷ አሳርፋ ደግማ ለካቻቸው፤ ያው ነው። «በዚህ ግፊት ማደንዘዣ አይሰጣቸውም። መድኃኒታቸውን ይውሰዱ፣ ሰኞ ጠዋት አምጫቸው። ዋዜማውን እንዳይጨነቁ» አለችኝ።

የሐሞት ጠጠሩ ሰኞን ይጠብቃል እንዴ? እስከ ሰፈራችን ፈረስ መጋላ ታክሲ ውስጥ ጎናቸውን ይዘው «ያ ረብ» ሲሉ መጡ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ትናንት ጭንቀቱን ይርሱት ብዬ ፊልም ከፈትኩላቸው። «የቤተሰብ» ይላል። ግማሹ ላይ አንዱ ሽጉጥ መዘዘ፣ ሙዚቃው ቤቱን አናወጠው። እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ነጋ።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ጀማል «እናቴን የእንስሳት ፊልም አሳዪያቸው» አለኝ። ማስታወቂያው ሣርና ውኃ ብቻ ነው። ደግነቱ ቀድሜ ለብቻዬ ከፈትኩት። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ጅቦች ሚዳቋ ያሳድዳሉ፣ ከበሮው ይደልቃል። አማቴ ከጓዳ ሰምተው «ጅቡስ ማታ ማታ የሚቀለበው እዚሁ ፈላና በር አለልን፤ ከበሮውን ዝጊልኝ» አሉ።

ኮሜዲ ሞከርኩ። ጩኸት፣ በር ማላጋት፣ ጥፊ። ተውኩት።

ማስታወቂያ ማመን ቀረ። የዕድሜ ገደቡም ስለ ድምፅ ምንም አይልም። ያዩት ሰዎች የጻፉትን ሳነብ አመሸሁ።

እሁድ

አገኘሁ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ጀልባ ይጠግናል። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ከስር የሚጻፈውን ትርጉም ማንበብ የለባቸውም። በየአሥር ደቂቃው እየዘለልኩ፣ መጨረሻውን ግን ሙሉውን አየሁት። መሃል ላይ ማስታወቂያ እንዳይጮህ አውርጄ በፍላሽ ጫንኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ጩኸቱንና ሹክሹክታውን የሚያቀራርበውን «የማታ ድምፅ» የሚለውን አበራሁ፣ የሚያጓራውን ወፍራም ድምፅ ቀነስኩ።

መግሪብ ሰግደው ተቀመጡ። ባሕሩን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። ሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ደረቱን ይዞ ወደቀ። የዘለልኩት ቦታ! ቀጥሎ የሐኪም ቤት አልጋ። አማቴ ጎናቸውን ጨበጡ። ሪሞቱ ጠፋኝ።

«ይሞታል?» አሉኝ።

«አይሞትም እማ። ድኖ ጀልባውን ይጨርሳል። መጨረሻውን አይቻለሁ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

«እንግዲያ አታጥፊው። ምናለ ቀድመሽ ብትነግሪኝ!»

ትራሱን አመቻችተው ተደገፉ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን አላየሁም፤ እሳቸውን ነበር የማየው። መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲመጣ ሙዚቃው ከፍ ሳይል ዘጋሁት። ኢሻ ሰግደው ተኙ።

ሰኞ

መቶ ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት። መድኃኒቱ ይሁን ጀልባው አላህ ይወቅ። አስገቧቸው።

አግዳሚው ላይ ጀማል መቁጠሪያውን ይቆጥራል። እኔ ግድግዳውን አየሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ፣ ቁጭ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣና «ጨርሰናል፣ ደህና ናቸው። ገና አልነቁም» አለን።

አልሐምዱሊላህ። ለማገገሚያቸው ሌላ ፊልም መፈለግ ጀምሬያለሁ፤ የዚህኛውን መጨረሻ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።