አሥር ከምን ላይ ይቀነሳል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ሰላምታዬ ወረቀቱን እንዳይጨርሰው ላሳጥረውና፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ይህን የጻፍኩት እኔው አባትሽ ነኝ፤ በማታው ትምህርት ቤት በእጅ ጽሑፍ የሚበልጠኝ የለም፣ ከአስተማሪዋ በቀር።

ባሕር ማዶ የደረስሽ ዕለት ደውለሽ፣ «አባዬ፣ የአየር ትንበያው ሲቀነስ አሥር ይላል፤ ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው?» ስትዪኝ፣ መቀነስ የተማርኩ ሰሞን ነበርና ደረቴን ነፋሁ። «ከእኛ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ነዋ! አሥራ አምስት ይቀራል፤ ሹራብ ይበቃሻል» አልኩሽ።

በማግስቱ ለአስተማሪዋ ስነግራት ደነገጠች። ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነው፤ ያንቺው ከዚያም አሥር እርከን ወደ ታች ነው አለችኝ። ነፋስ ሲጨመር የገላን ሙቀት ቶሎ ይገፍፋል፤ ያልተሸፈነ ጣት መጀመሪያ ይጠዘጥዛል፣ ኋላ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ተሻለኝ የሚለው እንደ እኔ ያለ አዋቂ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያለ ጓንት ግማሽ ሰዓት አውቶቡስ መጠበቅሽን፣ አሁን ግን ደህና መሆንሽን ይነግረኛል። የእጅ ጽሑፉ ግን ያንቺ አይደለም፤ የጻፈችልሽን ጓደኛሽን አመስግኚልኝ፤ ጽሑፏ ያምራል። የሚቀጥለውን ግን አንቺው ጻፊው። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ቢጣመምም አነበዋለሁ።

እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች። እኔ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ስሜያለሁ።

አባትሽ