ጽጌን የሸኘንበት አጭር ጽሑፍ

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ የቆየሁት የቤቱን ነገር ልልመደው ብዬ ነው። አሁን ለምጃለሁ። ሽሮ ሳላሳርር እሠራለሁ። እዚህ ሰሚት በረንዳችን ላይ ካሉት አበቦችሽ ሁለቱ ደርቀዋል፤ የቀሩትን ልጃችን ሊያ እየመጣች ታጠጣቸዋለች። ውኃው እንደምታውቂው በፈረቃ ነው። ያንቺን የአልጋ ጎን ግን እስካሁን አልያዝኩትም፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ እንኳ በራሴ ዳር ነኝ። ትናፍቂኛለሽ። ይህን ደጋግሜ አልጽፍም፤ አንዴ ካልኩት እንደምታምኚኝ አውቃለሁ።

ዛሬ የምነግርሽ ስለ ዜና ዕረፍትሽ ነው። ጋዜጣ ቤት ሳለሁ የስንቱን ሰው ዜና ዕረፍት ሳሳጥር እንደኖርኩ ታውቂያለሽ፤ አንቺም ሰውን እንደ ዕቃ ርክክብ ትሸኛለህ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ያንቺው ሲመጣ ሁሉም ሰው ሌላ ይጻፈው አለ። ሐዘንተኛ አይጽፍም ተባለ። እምቢ አልኩ። ሠላሳ ቀን ባለቅስ አለቅሳለሁ እንጂ አንቺን ለማያውቅሽ ሰው አልሰጥም።

ድንኳኑ ገና እየተተከለ ወንድምሽ ግርማ የተጻፈ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ ለሌላ ሰው ቀብር የተነበበውን ወስዶ ስሙን ለውጦ ያዘጋጀው ነው። «እንደ ሻማ ቀልጠው» ይላል። «ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሲታከሙ ቆይተው» ይላል። አንቺ እዚሁ ቦሌ ከታከምሽበት ሐኪም ቤት በቀር ሌላ አላየሽም፤ ፓስፖርት እንኳ አልነበረሽም። «ተቆጥተው የማያውቁ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ድንኳን ተካዮቹ ዞረው አዩኝ። ያስተማርሻቸው ሰዎች ይህን ቢሰሙ የተሳሳተ ቀብር የመጡ ነበር የሚመስላቸው።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና የራሴን ጀመርኩ። ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ ጻፍኩ። የትውልድ ዘመንሽን ከመታወቂያሽና ከጡረታ ማስረጃሽ ላይ አመሳከርኩ፤ ተስማማልኝ። የትውልድ ቦታሽን ግርማን ጠየቅኩት። ያስተማርሽባቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ከሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ወሰድኩ። ከዚያ ሕመሙ፤ ስሙን እንጻፈው ወይስ እንተወው ብዬ ሊያን አማከርኳት። ይጻፍ አለች፤ የልብ ድካም የሚያሳፍር በሽታ አይደለም። ያረፍሽበት ቀን፣ ቀብሩ የት ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሚሆን፣ ባልሽ፣ ልጅሽ፣ የልጅ ልጆችሽ። «ደግ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ደግ አልነበርሽም ማለቴ አይደለም። በሥራሽ መጨረሻ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ለደከሙ ተማሪዎች ያለ ክፍያ ታስተምሪ ነበር፤ እሱን ጻፍኩ። ሰሚው ራሱ ደግ ይበልሽ።

ግርማ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። የት አለ አለኝ። ምኑ ስለው፣ ለጡረታ በበቃሽበት በላምበረቱ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት መሆንሽ ነበር የጠፋበት። እህቴን አሳነስካት አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። እውነቱን ነው፤ ተማሪዎችሽም ጎረቤቱም እንደዚያ ነበር የሚሉሽ። ጡረታ ስትወጪ በመድረክ ላይ ተናግረውታል።

እኔ ግን አንድ ነገር አስታወስኩ። እንደዚያ ባሉሽ ቁጥር አይደለሁም ትዪያቸው ነበር። ሰው ሁሉ ትሕትና ነው ብሎ የበለጠ ያደንቅሽ ነበር። ጽጌዬ፣ እንነጋገር እንጂ፤ አንቺና ትሕትና የት ትተዋወቃላችሁ? ወጥሽ ሲጣፍጥ እንግዳው ሳይቀምስ የምታመሰግኚው አንቺው ነበርሽ። ከሰፈሩ ሁሉ ፈጥኜ እደምራለሁ ብለሽ ከባለሱቁ የሒሳብ ማሽን ጋር የተወዳደርሽ ሴት፣ የመጀመሪያዋ ብትሆኚ ኖሮ በር ላይ ታስለጥፊው ነበር። አይደለሁም ካልሽ አይደለሽም።

እናም ስልክ አነሳሁ። በትምህርት ቤቱ ለረጅም ጊዜ ጸሐፊ የነበረችውን ወይዘሮ አገኘኋት። ካንቺ በፊት አስካለ የሚባሉ የሒሳብ መምህርት እንደነበሩ፣ አሁን አትላስ አካባቢ ልጃቸው ቤት እንደሚኖሩ ነገረችኝ። ደወልኩላቸው። ማረፍሽን ከእኔ ነው የሰሙት፤ ትንሽ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ። ከዚያ ስለ ሥራው ጠየቅኳቸው። አንቺ አዲስ ተቀጥረሽ ስትመጪ ክፍሎቻቸውን ያስረከቡሽ እሳቸው ናቸው። ታዲያ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት ልበል ብላቸው፣ ከእኔ በፊት ማን እንደነበረ አላውቅም አሉኝ። ስለዚህ የመጀመሪያ የሚለውን ለእሳቸውም አልጻፍኩም። ሁለት ሰው ያረጋገጠልኝን ብቻ ጻፍኩ፦ «የሒሳብ ትምህርቱን ከመምህርት አስካለ ተረክበው ጡረታ እስከወጡ ድረስ አስተምረዋል።»

ይህን ለግርማ ነገርኩት። ሴትዮዋ ነገ ቀብር እመጣለሁ ብለዋል አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ብዙ ካየው በኋላ እኔው አነበዋለሁ አለ። ልከለክለው አልችልም፤ ወንድምሽ ነው። ግን ፈራሁ። ግርማን ሰው ፊት ስታቆሚው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ «የመጀመሪያዋ» የምትል አንድ ቃል ቢጨምር መምህርት አስካለ ቆመው እየሰሙ ከሕይወታቸው ላይ መቁረጡ ነበር። ባንቺ ስም እንዲህ ያለ ነገር እንዲደረግ አልፈለግኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር። መምህርት አስካለ በልጃቸው ተደግፈው ከኋላ ቆመዋል፤ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ግርማ ማንበብ ጀመረ። መምህርት አስካለ ያሉባት መስመር ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። እኔ የሊያን እጅ ጨብጬ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና የተጻፈውን እንደተጻፈ አነበበው፤ ምንም አልጨመረም። አንዳንድ ተማሪዎችሽ እርስ በርስ ተያዩ።

ጽሑፉ አጭር ስለነበር ሰዉ ያላለቀ መስሎት ትንሽ ጠበቀ። ግርማ ግን ወረቀቱን አጥፎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ መምህርት አስካለን እጃቸውን ይዞ አመጣቸውና ከእኛ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከሊያ አጠገብ አስቀመጣቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣ ጽጌ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነች ሁሌም ትናገር ነበር እኮ፣ የሚያምናት አጥታ ነው እንጂ አሉኝ። ያን ቀን ሁሉም አመነሽ።

ጋዜጣውም ሳያሳጥር አወጣው። የሚያሳጥረው ነገር አላገኘማ! መምህርት አስካለ ጋ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የእኔንም ዜና ዕረፍት ከአሁኑ ጻፈውና በሕይወት እያለሁ ላርመው ብለውኛል፤ ካንቺ የባሱ ናቸው፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ ዓመት ተሳስቼ ተቆጡኝ።

ስለ አንቺ የሚያጋንን ሰው ከፊቴ አያልፍም፣ ይህን ቃል እገባልሻለሁ። እስካለሁ ድረስ የማስታውሰው አንቺኑ ነው፤ ቁጡዋን፣ ጉረኛዋን፣ ሒሳብ ላይ የማትሳሳተዋን ሚስቴን። ሌላ ሴት አግብቼ አላውቅም፤ በቀብርሽም ቀን ሌላ ሴት አልሸኘሁም።

ባልሽ