ነጭ ያልሞላው ስንጥቅ

ዙሀይራ ልጄ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ የአሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጎባ ዝናቡ አላባራም፣ ገብሱም ተኝቷል። ልጅሽ መርዋ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ጥያቄዋ ግን አያልቅም።

ሐሙስ ከአባትሽ ጋር ቶጎና ወንዝ ወርዳ ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ድንጋይ ይዛ መጣች።

«አካኮ፣ ማን ቀባው?» ብላ አያቷን ጠየቀችው።

«ማንም አልቀባውም። ገና ተራራው ላይ ሳለ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ውሃ ለብዙ ዘመን ሰረገ። ውሃው ከአለቱ ያሟሟውን ነጭ ነገር ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደሚጋገረው እየጋገረ ስንጥቁን ሞላው። ኋላ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ወንዙ አንከባሎ አለሰለሰው።»

«ከጓሯችን በላይ ያለው የገደሉ ስንጥቅስ? ነጭ የለውም፣ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው።»

አባትሽ ወጥቶ አየው። በረመዳን ጣቱ ብቻ ይገባበት ነበር፤ አሁን እጁን እስከ ክርኑ ዋጠው። እንደ ቤት ግድግዳ በጭቃና በጭድ ለሰነው። ሲነጋ ልስኑ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው።

መርዋን ሮቤ እህቴ ጁሀራ ጋ ላክኋት። አባትሽ ግን «ከአባቴ ቤት አልወጣም» ብሎኛል፤ እኔም ትቼው አልሄድም። አጠገቤ ስለሚሆን በስልክ አልነገርኩሽም። ይህን ደብዳቤ የጎረቤት ልጅ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ በሰላም ለልጅሽ ያብቃሽ። አባትሽ ያንቺን ቃል አይጥልም፤ እባክሽ ዛሬውኑ ደውለሽ ከቤቱ እንዲወጣ ለምኚልኝ። እየጻፍኩልሽ ሳለ እንኳ ጠጠር ቆርቆሯችን ላይ ይንጠባጠባል።

እናትሽ