ይቺኛዋ ትምጣ

ለወንድሜ ለዲያቆን ምስጋናው፣
ቤተ ልሔም

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰነበትህ? እንደምንስ ከረምህ? የጋይንት ብርድ እንዴት አድርጎ ያዘህ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚያፍንህ ሳልስ ተወህ ወይ? የኔታ በጤና ናቸው? ድጓውስ ወዴት ደረሰልህ? እኛ ሰውም ከብቱም የፈጠረን ሳይለየን ደኅና ነን። የጎደልህብን አንተ ብቻ ነህ።

አባባ «የእኅትህ ሠርግ አምሮ ደምቆ ዋለ ብለሽ ጻፊለት» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፣ አምሯል። ዳሱ ጠቦ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ነው የበላው። ሙሽራውም አንገቱን የደፋ መምህር ነው፤ እኅታችንን ሰውነትን ወደ ደብረ ታቦር ይዟት ሄዷል። አንተ የኔታ ስላልለቀቁህ ቀረህ፤ ሁሉም ስምህን እያነሣ አዘነ። ነገር ግን ሌላውን ሳልነግርህ ብቀር ሆዴ አይችለውም። አባባ ይህን ደብዳቤ አላዩትም፤ አንተም ስትመጣ አታንሣባቸው።

ለሠርጉ የምለብሰውን እማዬ ራሷ ፈትላ አሸምናልኝ ነበር። ነጭ ሆኖ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። እኔ ደግሞ መቀስ ሳይነካው እንዴት እንደሚሆንልኝ አስቀድሜ ላየው ፈለግሁ፤ አንገቴን ታውቀው የለ? ከግራ ጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ የተቃጠልሁትን ኮሌታው እንዲሸፍንልኝ ነው። ሰውነት እጮኛዋ የገዛላትን ስልክ ለአንድ ከሰዓት አዋሰችኝ። አንተ ስልክ አልያዝህምና ላስረዳህ። ነጭ ልብስ በነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዙ አይለይም፤ ስለዚህ ያለፈውን የፋሲካ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ከጓሮው ጭቃ ግድግዳ ፊት ቆምሁ። ስልኩን በወገቤ ትክክል እንዲሆን በተደራረበ በርጩማ ላይ አስደገፍሁት፤ ከላይ ወደ ታች ከተነሡ ቀሚስ አጭር ይመስላል። ስልኩ ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሣኝ አድርጌ፣ እጄን ከጎኔ ትንሽ አራቅሁና ፎቶ ተነሣሁ። ቀጥዬ አዲሱን ሸማ ለብቻው አነሣሁት። ከዚያ በኋላ በስልኩ ውስጥ ጥለቱን በጣቴ ዙሪያውን ቆርጬ አወጣሁና በደረቴና በቀሚሱ ጫፍ ላይ አኖርሁት፤ በሁለት ጣት ሲስቡት ይሰፋል፣ ሲሰበስቡት ይጠባል። ከቀሚሱም ነጭ ቀድቼ ወደ አንገቴ አወጣሁና ኮሌታ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ኮሌታ አጠረ፤ ጠባሳው ከላይ አፈትልኮ ታየ። ሁለተኛውን በጠባሳው በኩል እስከ ጆሮዬ ሥር ከፍ አደረግሁት፣ ሸፈነው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት! ሦስተኛውን ለማንም ላላሳይ ሠራሁት። ኮሌታውን ጨርሼ አነሣሁና አንገቱን ክፍት አደረግሁት፤ ከደኅናው አንገቴ ቆዳ ቀድቼ በጠባሳው ላይ ለጠፍሁበት፤ መጋጠሚያውን በጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው ጠፋ። ምስጋናው፣ ሳልቃጠል ብቀር የምሆነዋን ልጅ አየኋት። እንደ ሌላ ሰው ነበር ያየኋት፤ ቆንጆ ናት።

በማግስቱ ሰውነት የራሷን ልብስ ለመለካት ስትሄድ አብሬያት ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሽ ታፈረ ሄድሁ። ገበያ ነበርና ቤቱ ተራ በሚጠብቁ ሴቶች ሞልቷል። ጋሽ ታፈረ ስልኩን ተቀብሎ ሁለተኛውን ፎቶ አየና «ኮሌታው ይህን ያህል ከተዘጋ ጭንቅላትሽ በየት ይገባል?» አለኝ። እውነት ነው፣ እኔ ከፊት ብቻ ነበር ያየሁት። ከኋላ ዚፕ እንደሚያደርግለት፣ እንዳይተኛም በውስጡ ጠንካራ ገበር እንደሚያስገባበት ነገረኝ። ሜትሩን በአንገቴ አዞረና እንዳያንቀኝ ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ ለካ። ከዚያም ከፍ የሚለው በቀኝ በኩል ነው ብሎ በጠመኔ ሊያሰምር ሲል አስቆምሁት። ስልኩ ራስን ሲያነሡበት እንደ መስተዋት ይገለብጣል፤ የግራዬ በፎቶው ላይ የቀኜ መስሎ ነው የሚታየው። ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ «በዚህ ነው» ብዬ አሳየሁት። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዷ «እኔን፣ ምስኪን!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ሰውነት ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ስልኩን ከጋሽ ታፈረ እጅ ወሰደችና በጣቷ ገፋ ብታደርገው ሦስተኛው መጣ። አየችውና ስልኩን ለሴቶቹ አዞረችላቸው። «እዩልኝ፣ እኅቴ ራሷን ስታድን!» አለች። ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አንዷ ፎቶውን አስፍታ አንገቴን ከአንገቴ ጋር አስተያየች። «እባክሽ ስጪኝ» ብዬ ብለምናት ሰውነት ከፍ አድርጋ ያዘችውና «ለሠርጌ ይቺኛዋ ትምጣ፤ አንቺ ቅሪ» አለችኝ። ሣቁ፣ ምስጋናው። ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ሣቁ። ጋሽ ታፈረም ነገሩን ሊያበርድ መሰለኝ፣ «እኔ ጨርቅ እንጂ ሥጋ አልሰፋ» አለ፤ ባሰበት እንጂ አልበረደም።

ሸማዬን ጠቅልዬ እያለቀስሁ ቤት ገባሁ። እማዬ ነገሩን ስትሰማ ጉድ ብላ ትጮኻለች ስል፣ አልጮኸችም። ተቀምጣ መሬቱን በጣቷ ስትጭር ቆየች። «ተያት፣ ልጄ» አለችኝ። «ያን የተቃጠልሽ ቀን የፈላው ድስት ከሰውነት እጅ ነው ያመለጠው። አንገትሽን ባየች ቁጥር ያ ይመጣባታል።» እኔ ራሴ ጎትቼ በላዬ ደፍቼው ነው ስትሉኝ አይደል ያደግሁት? «ድስት ጎታች» ብላ የምትጠራኝም እሷው ራሷ አይደለችም? አንተም ታውቅ ኖሯል ወይ? እባክህ እውነቱን ጻፍልኝ።

እማዬ ሸማውን ይዛ ወደ ጋሽ ታፈረ ሄዳ አሰፋችልኝ። ልክክ ብሎ ነው የመጣው። ግን የሠርጉ ለት ሰውነት ጓዳ ድረስ መጥታ «ፎቶ ስንነሣ እንዳትወጪ፣ ጠላ ቅጂ» አለችኝ። ቀዳሁ። አባባ «ብሩክታዊት የት አለች?» ብለው ሲጣሩ በድስቶቹ መካከል ሆኜ ሰማሁ፤ ሰውነት «ሥራ ይዛለች» ስትላቸውም ሰማሁ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ያለበት ያ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። አንተ ሩቅ ነህና የለህበትም፤ እኔ ደግሞ ጓዳ ነበርሁ።

ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲሉ ሰውነት ሁሉንም እየሳመች መኪናው አጠገብ ደረሰች። ስታለቅስ አየኋት። እኅቴ አይደለች? የምታፍረው ከእኔ ሳይሆን ከራሷ ነው ብዬ አሰብሁ። ሸክሙን ይዛ አትሂድ ብዬ ሮጬ አቀፍኋትና በጆሮዋ «የድስቱን ነገር ሰማሁ፤ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኋት። እንባዋ ወዲያው ቆመ። ከላይዋ አላቀቀችኝና «ማን ይቅር በይኝ አለሽ?» ብላ ገባች። በሩንም ራሷ ዘጋችው።

አባባ በጸሎትህ አስበኝ ይላሉ። እማዬ እንባ እንባ እያላት ጉንጭህን ስማሃለች፤ በሶና ቆሎ ይህን ደብዳቤ በያዘው ሰው ልካለች። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች ሰላም ብለውሃል። የኔታን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እኔ ታናሽህ ከእግር እስከ ራስህ ስሜሃለሁ፤ መልስህን አታዘግይብኝ።

ብሩክታዊት ኃይለ ሚካኤል
መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ጥር ፳፭ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.