ወይዘሮ ኮድ፦ ቁጥር ያልተሰጣት የአንዲት መንደር ልጅ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከጀልባ ቀዛፊው አባታቸውና ከሸክላ ሠሪዋ እናታቸው በታችኛው ወንዝ ዳር ባለች መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የወንዙ ዳር ሰዎች ቋንቋ ከጥቂት መንደሮች ውጭ አይሰማም፤ እናታችን ግን ልጅ ሳሉ ዓለም ሁሉ እንደ እነሱ የሚናገር ይመስላቸው ነበር።

እስከ አራተኛ ክፍል በቋንቋቸው ተማሩ፤ ከዚያም ከተማ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በሃያ አንድ ዓመታቸው በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የሕዝብ ቆጣሪው ቤት ለቤት ዞሮ ሰው ብሔሬ ነው ያለውን በፊደል ጽፎ ይመለሳል፤ እናታችን ለዚያ ስም የተመደበውን ኮድ ፈልገው በቅጹ ጠርዝ ሳጥን ውስጥ ይሞላሉ። እጃቸው ፈጣን ስለነበር ባልደረቦቻቸው ወይዘሮ ኮድ አሏቸው። ቅጽል ስሙ እስከ ጡረታ አልለቀቃቸውም፤ ይኸው እዚህም ተከትሏቸው መጥቷል።

የኮዱን ዝርዝር የሚያወጣው ኮሚቴ ነበር። የራሱ ኮድ ያለው ሕዝብ የምክር ቤት ወንበር፣ በቋንቋው ትምህርትና በጀት ይጠይቃል፤ ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ለአስተዳደሩ ይቀላል። ስለዚህ ከአምስት ሺህ ያነሰ ሕዝብ በቋንቋ ይቀርበዋል ወደተባለ ትልቅ ጎረቤት እንዲጨመር ተወሰነ። አንድን ትልቅ ሕዝብ ደግሞ አካባቢውን ብቻውን እንዳይቆጣጠር የተራራውና የሜዳው ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ የአንድ እናት ልጆች በሁለት ኮድ ተመዘገቡ። የወንዙ ዳር ሰዎች የደረሳቸው መጨመር ነው፤ ከዳገቱ ላይ ወደሚኖሩት ላይኞቹ።

የመንደራቸው ቅጾች ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርሱ የአያታችንንም አገኙት። የወንዙ ዳር ሰው የሚለው መልስ በግልጽ ተጽፏል። እናታችን ቅጹን ይዘው አለቃቸው ዘንድ ገቡ።

«ይቺ እኮ እናቴ ናት። ከላይኞቹ ጋር ገበያ እንኳ የምትግባባው በእጇ ነው» አሏቸው።

«አንቺ የተቀጠርሽው ለእናትሽ አይደለም፤ መመሪያው ያለውን ሙዪ» ሲሉ መለሱላቸው። እናታችንም የላይኞቹን ኮድ ሞሉ።

ውጤቱ ሲታተም የወንዙ ዳር ሰዎች የሚል ረድፍ አልነበረም። ረድፍ ስለሌለ ለመንደሩ ትምህርት ቤት መጽሐፍ አልታተመም፤ መምህሩ ተዛውሮ በምትኩ የላይኞቹን ቋንቋ የሚያስተምር መጣ። ልጆቹ ትንሽ ቆይተው ለአያቶቻቸው በዚያው ቋንቋ መመለስ ጀመሩ። መታወቂያ ሲያወጡም ሥራ የሚያስገኘውን ስም አስሞሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? በሚቀጥለው ቆጠራ መልሶቹ አስቀድመው በቅጹ ላይ ታትመው ስለመጡ የሚጻፍም የሚጠየቅም አልነበረም።

እናታችን በሃያ ስድስት ዓመታቸው መካኒኩን አባታችንን አግብተው እኛን ሁለታችንን ወለዱ። አባታችን የሌላ ቋንቋ ሰው ስለነበሩ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የከተማው ነበር። አያታችን በሕይወት እስካሉ ድረስ እናታችን እሑድ እሑድ ስልክ ይደውሉላቸው ነበር። በሩን ዘግተው ሲስቁ ይሰማን ነበር፤ ያን ሳቅ ከእኛ ጋር ስቀውት አያውቁም። አያታችን ሲያርፉ ስልኩ ከቦታው አልተነሣም፤ እሑድ እሑድ አጠገቡ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር።

እናታችን ለመንደራቸው ሰዎች የራሳቸው ኮድ እንዲሰጣቸው በተደጋጋሚ አመለከቱ። ኮሚቴው ስንት ናችሁ ብሎ ከቆጠራው ማስረጃ ጠየቀ። የቆጠራው ማስረጃ ደግሞ የሉም ይላል። «የሉም ያልኩት እኔው ነኝ፤ በእጄ» ቢሏቸው ስብሰባው ሳቀ። እናታችን ግን እየቀለዱ አልነበረም።

ጡረታ ከወጡና አባታችን ካረፉ በኋላ ስትሮክ መታቸው። ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ እንዲህ ባለ ሕመም በኋላ የተማሩት ቋንቋ ጠፍቶ የልጅነቱ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እናታችን ቀኑን ሙሉ ያወሩ ነበር፤ ይጠይቁናል፣ መልስ ይጠብቃሉ፣ እኛ እጃቸውን ይዘን እናለቅሳለን። ሆስፒታሉ መታወቂያቸውን አይቶ የላይኞቹን ቋንቋ አስተርጓሚ ላከልን። ሴትየዋ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አዳመጧቸው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይሄ የእኛ ቋንቋ አይደለም» አሉን።

እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመንግሥት ሰው ሊሰሙት የፈለጉት ይህንኑ ነበር። በተነገረ ጊዜ ግን የተነገረበትን ቋንቋ አይሰሙም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እያወሩ አረፉ። ሁለት ልጆችና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። የመጨረሻ ቃላቸውን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ምን እንደሆነ የሚነግረን ሰው በመካከላችሁ ካለ እባካችሁ ከቀብሩ በኋላ ያነጋግረን።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ያኑርልን፤ አያታችን ደጅ ላይ ቆመው በራሳቸው ቋንቋ ይቀበሏቸው።