መርፌው አልተነካም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፤ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጉልበትህ ደረጃውን መውጣት እሺ አለ ወይስ አሁንም ያኮርፋል? መነጽርህን ቀየርክ ወይስ መርፌ ላይ ክር የሚሰካልህ ጎረቤት እየፈለግህ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

አባዬ፣ ሳላስፈቅድህ አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ስትቆጣ ቀስ በል። እናቴ ስታርፍ ጽፈህ በስፌት መኪናህ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥካትን ግጥም ወደዚህ አገር ቋንቋ ተረጎምኳት። የማታ ትምህርት ቤታችን የተማሪዎችን ትርጉም በመጽሐፍ ሊያሳትም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ብቻ።

መርፌዬ ቢሰበር ሌላ እገዛለሁ፣
ክሩም ቢበጠስብኝ ቋጥሬ እሰፋለሁ፤
አንቺ የሄድሽ ለታ የተቀደደው ቤት፣
በየትኛው መርፌ ልጣፈው ቀን ከሌት?

መጀመሪያ ቃል በቃል ገለበጥኳት። አንድም ቃል አልጎደለም፤ ግን ሦስተኛው መስመር የመጀመሪያውን እጥፍ ሆነና ሳነበው የጥገና ደረሰኝ መሰለኝ። ተናደድኩና ሁለተኛውን ትርጉም ቤት እያስመታሁ ጻፍኩት። እንዴት ያምራል መሰለህ! የመጽሐፉ አዘጋጅ አንብባ አጨበጨበች፤ ወደ ማተሚያ ቤት ልትልከው ተነሣች።

እኔ ግን በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ሳጥፍ ደነገጥኩ። በእነሱ ቋንቋ ከ«ቤት» ጋር የሚገጥም ስላጣሁ መርፌህን ሻማ አድርጌው፣ ቋጠሮህንም አውጥቼ ፍቅር አስገብቼበት ነበር። አንተ በሕይወትህ ስለ ሻማ አውርተህ ታውቃለህ? ያ የሌላ ሰው ግጥም ነበር፤ ስምህን እንዴት ልጽፍበት?

በማግስቱ አዘጋጇን «መልሺልኝ» አልኳት። «አንባቢ የሚወደው የሚገጥመውን ነው፤ እስከ ሐሙስ ሌላ ካላመጣሽ ገጹን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ» አለች። አባዬ፣ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ብልህ ውሸት ነው፤ በላሁ፣ ግን አልጣመኝም።

በመጨረሻ መስመሮችህን ጮክ ብዬ ሳነብ፣ እያንዳንዳቸው መሐል ላይ ትንፋሽ እንደሚሰጡ ሰማሁ፤ መርፌዬ ቢሰበር፣ ዝም፣ ሌላ እገዛለሁ። ያንን ዝምታ ያዝኩ። አራቱን መስመሮች በርዝመት እኩል አደረግሁ፤ መርፌውም ቋጠሮውም ቦታቸው ላይ ቀሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ሳይገጥሙ ተውኳቸው፤ የመጨረሻዎቹን ግን «ሌት»ን ወደ መሐል ስቤ፣ በእነሱ ቋንቋ ለ«ቀን» የሚገጥም «የተቀደደ ጎን» አግኝቼ አስገጠምኳቸው። ቤቱ የተቀደደ ጎን አበጀ እንጂ ቤትነቱ አልጠፋም።

ከሥር ይህን ማስታወሻ ጻፍኩ፦ «በአማርኛው መስመሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገጥማሉ፤ እዚህ የሚገጥሙት የመጨረሻዎቹ ብቻ ናቸው። 'ጎን' የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። መርፌውን ግን አልነካሁም፤ ገጣሚው ልብስ ሰፊ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ለአዘጋጇ አነበብኩላት። ዐይኗን ጨፍና ሰማች፤ ማስታወሻውን ደግሞ ሁለቴ አነበበች። «ያንን ቆንጆውን ቀድጂው» አለችኝ፤ አማርኛውም ትይዩ ገጽ ላይ እንዲወጣ አዘዘች። ለእኔ ብቻ ሁለት ገጽ! በመጽሐፉ ምረቃ ቀን አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት በሁለቱም ቋንቋ አነበብኩ፤ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። መጽሐፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ገጽ ዐርባ አንድን ግለጥ፣ ስምህ ከእኔ ስም በላይ በትልቁ ተጽፏል።

ለአክስቴ ሰላምታዬን፤ ክፉ ዐይን ትፈራለችና መጽሐፉን ለሰው ሁሉ እንዳታሳይ። ታናሽ እህቴን ሳምልኝ፤ ጮክ ብላ ታንብብልህ። ለሱቅህ ተለማማጅም ሰላም በልልኝ፤ ወደ እናቴ መቃብር ስትሄድ ደግሞ መጽሐፉን ይዘህ ሂድ።

ልጅህ
ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ሰኔ ፱ ቀን