ሰባት ወር የዘገየ የጃኬት ምስጋና

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፤

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ቅዝቃዜ ሲመጣ የሚነሳብህ ጉንፋን ዘንድሮ ማረህ ወይ? ባለቤትህ እትዬ እንዴት ናት? እናታችን፣ ልጆቹ፣ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? እጅህን ደግሞ ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ቀኝ እጅህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን ጤናዬን እንጂ ፊቴን አይደለም፤ ይህን የምጽፍልህ ፊቴ በእፍረት እየነደደ ነው።

ጋሽዬ፣ የሰፋህልኝ ጃኬት ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ሥራ በገባሁ ቁጥር ለብሼዋለሁ። ከሁሉ በላይ በውስጥ በኩል፣ ደረቴ ላይ ስላወጣህልኝ ጠባብ ኪስ አመሰግንሃለሁ። አንድ ጊዜ በስልክ ስንጫወት፣ ፍራፍሬ የምንለይበት መጋዘን ከመቀዝቀዙ የተነሳ የእስክሪብቶዬ ቀለም እየደነደነ ካርቶን ላይ መጻፍ እንዳቃተኝ ነግሬህ ነበር። እኔ ተናግሬው ረሳሁት። አንተ ግን እስክሪብቶው ከገላዬ ሙቀት እንዲያገኝ ኪሱን ከገበሩ ጋር አያያዝከው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልከዳኝም። ይህን ልነግርህ የሚገባኝ የዛሬ ሰባት ወር፣ እቃው በደረሰኝ ቀን ነበር። ዘገየሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ሰበብ ልደረድር አይደለም፤ ሰበብ የሚሆን ነገርም የለኝም። ጥቅሉ የደረሰኝ በሥራ ቀን ነው፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ በጥርሴ ነው ገመዱን የበጠስኩት። ወዲያው ለበስኩትና በዚያች ግማሿ በዛገች መስታወት ፊት እንደ ሙሽራ ዞርኩ። ስልኬ በእጄ ነበር። «ደረሰኝ፣ ልኬ ነው» ብዬ ለመላክ የሚፈጀው ጊዜ ገመዱን ከመበጠስ ያነሰ ነው። እኔ ግን ለጋሽዬ እንዲህ ባለ አጭር ነገር አይመለስለትም አልኩ። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጥሩ ፎቶ ተነስቼ፣ ረዘም ያለ ነገር ጽፌ እልክለታለሁ አልኩ። ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ ፀጉሬን አልተሠራሁም። በሚቀጥለው እሑድ ተሠራሁ፤ ጃኬቱ ግን ታጥቦ እርጥብ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ለምን እንደቆየሁም ማስረዳት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። በሁለተኛው ወር ደግሞ ማስረዳቱም አይበቃም፣ አንድ ነገር ገዝቼ አብሬ መላክ አለብኝ አልኩ። ምግብ የበሉበትን ሳህን ወዲያው ቢያጥቡት ውሃ ብቻ ይበቃዋል፤ ካደረ ግን ፍቆ ፍቆ ነው። የእኔም ነገር እንደዚያው ሆነ። በቆየሁ ቁጥር ምስጋናው ከበደኝ፣ በከበደኝ ቁጥር ቆየሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰውን ልንገርህ። በሦስተኛው ወር ደውለህ ስለ ሁሉም ነገር ከተጨዋወትን በኋላ «ብርዱ እንዴት ይዞሻል?» ብለኸኝ ነበር። እኔ ሰነፏ «ለምጄዋለሁ» አልኩህ። ጃኬቱን ካነሳሁ ያ ሁሉ ዝምታ አብሮ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነው። «በይ ደህና» ብለህ ስልኩን ለእናታችን ሰጠሃት። የጠየቅከኝ ስለ አየሩ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ጃኬቱን ለብሼ ነበር የማወራህ፤ እጄ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዓይኔን መግለጥ የጀመርኩት የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። የመጋዘናችን ዘበኛ ሚስቱ ከሩቅ ልትመጣለት ነበርና ቤቱ እንደ ወንደላጤ ቤት ሆኖ እንዳትደርስበት ተጨንቆ ስለነበር፣ የእረፍት ቀኔን ሰጥቼ ግድግዳውን ቀባሁለት። ጣሪያው ጥግ ላይ የነበረውን ሻጋታ በምላጭ ፍቄ ነው የቀባሁት። በነጋታው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ በር በሩን አየሁ። በሁለተኛው ቀን ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኩ። በአራተኛው ቀን ቀለሙን አልወደደችውም ማለት ነው አልኩ። በስምንተኛው ቀን ጭራሽ ድሮም ኩሩ ሰው ነው ብዬ ሰላምታውን በግማሽ አፍ መመለስ ጀመርኩ። በአስራ ሁለተኛው ቀን መጣና የታመመበትን፣ የጠፋበትን፣ የተበላሸበትን ሁሉ እየቆጠረ፣ ሰው አይደለሁም እያለ ራሱን ሲወቅስ ቆየ። እኔ ነኝ «ኧረ ግድ የለም፣ አይዞህ» እያልኩ ሳባብለው የዋልኩት። ሚስቱ ግድግዳውን ወደደችው ወይስ አልወደደችውም? እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ይህን በምሳ ሰዓት ለመዝጋቢያችን አማሁላቸው። እኚህ ሴትዮ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር የቀራቸው ናቸው፤ እማማ ቶሎ ነው የምንላቸው። ግማሽ ዳቦ ብታካፍላቸው ሳይመሽ መልእክታቸው ይደርስሃል፤ «ዳቦህን መስኮቱ ጋ ተቀምጬ በላሁት፣ ሆዴ ዝም አለልኝ» ይልሃል፣ ሌላ ቃል የለውም። እኛ እንስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሳቄ ጠፋ። እንዲህ አሉኝ፤ «ሰው አንድ ነገር ሲሰጥ ልቡ ከእቃው ጋር ይሄዳል። ደረሰ ወይ? ሆነ ወይ? ወደዱት ወይ? እያለ ነው። በዚያው ቀን መልስ ካገኘ ጥያቄው ገና ትኩስ ነው፤ አንዲት መስመር ትበቃዋለች። አንቺም ደስታው እላይሽ ላይ ስላለ ቃል አታሳምሪም፤ ያላማረው ቃል ደግሞ ይታመናል። ቀኑ ካለፈ ግን ጥያቄውን ይዞ አይቀመጥም፣ ራሱ ይመልሰዋል። ራሱ ሲመልስ ደግሞ ለራሱ አይራራም።»

ምሳዬን ሳልጨርስ ከደንኩት። አንተ ለራስህ ምን ብለህ መለስክ ይሆን? ይህን እያሰብኩ ግን አሁንም አልጻፍኩልህም፤ ይህንንም ደብቄ አላልፍም።

ትናንት ጠዋት እትዬ ደወለችልኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም። እጅህ ከተሰበረና ጀሶው ከወጣልህ በኋላ መጀመሪያ የሰፋኸው የእኔን ጃኬት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ ፈትተህ እንደሰፋኸው፣ እንዳይነግሩኝም እንዳስማልካቸው ነገረችኝ። «ደህና ከሆነ ራሷ ትላለች» ብለህ ነበር አሉ። ሳልል ስቀር የስፌት መኪናውን ሸፍነህ፣ ለሚመጡት ደንበኞች «እጄ አልቋል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ማለት ጀመርክ። ጋሽዬ፣ እኔ ፎቶ ላሳምር ስል አንተ ሙያህን ትጥል? ስልኩን ይዤ ካርቶኖቹ መሀል ቁጭ አልኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማታውኑ ስምንት ገጽ ጻፍኩልህ። ዛሬ ለእማማ ቶሎ ባሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እስክሪብቶዬን ተቀብለው ሰባቱን ገጽ ሰረዙት። «ይሄ ስለ አንቺ ነው፤ ጃኬቱ የታለ?» አሉኝ። የዘገየ ሰው መጀመሪያ ምስጋናውን ይናገር፣ ይቅርታው አንድ መስመር ይብቃው አሉ፤ ይቅርታ ሲረዝም ሰጪው አጽናኝ ይሆናል። ዘበኛው ያደረገኝ ይኸው አይደል? ስልክ ልደውልለት ብላቸውም አይሆንም አሉ፤ ስልክ ላይ «ተይው ባክሽ» ብለህ ወዲያው ትዘጋብኛለህ፣ ወረቀት ግን መልሰህ ታነበዋለህ። የገዛሁልህን ትልቅ መቀስ አብሬ ልላክ ስል ደግሞ «ካሳ ይመስልብሻል፣ ሌላ ጊዜ በራሱ ቀን ላኪው» አሉ። መቀሱ ሳጥኔ ውስጥ ነው። የዘገየ ምስጋና አንድ የሚተርፈው ነገር አለ አሉኝ፤ በደረሰ ቀን የማይታወቀውን፣ እቃው እንዴት እንደከረመ መናገር ይችላል።

እንግዲህ ጃኬቱ እንዴት እንደከረመ ስማ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሲታጠብ ሰባት ወር ሆነው፤ አንድ ክር አልተመዘዘም። ካርቶን ስናነሳ የሁላችንም ልብስ ብብቱ ላይ ይቀደዳል፤ የአንተ ድርብ ስፌት ንቅንቅ አላለም። ዚፑ በጓንት ይያዛል፣ ጫፉ ላይ ያሰርክልኝ ጨርቅ አልወለቀም። ገበሩ ትከሻው ላይ ትንሽ ሳስቷል፤ እሱ የእኔ ሸክም ነው። የግራው እጅጌ ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ይህን የምነግርህ ሁሉንም አሳምሬ ባወራ እንደማታምነኝ ስለማውቅ ነው። አጥፌ ነው የምለብሰው፤ ከእኔ በቀር ያየ የለም። ጀሶ የለቀቀው እጅ ይህን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ሰፍቶ በአንድ ጣት ከተሳሳተ፣ ያልተሰበረ እጅ ያላቸው የሥራ ልብሳችንን የሚሰፉት የፋብሪካ ሰፊዎች ምን ይበሉ? እጅህ አላለቀም። ይህን የምልህ እንድትጽናና ብዬ አይደለም፤ ለብሼው ስላወቅኩ ነው።

ለእትዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ለስልኳ ምስጋናዬን ትናንትናውኑ፣ ከምሳ በፊት፣ በሁለት መስመር ልኬላታለሁ። ለእናታችን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። ለትልቋ ልጅህ በዚህ ፖስታ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አለች። ጥቅሉ ላይ አድራሻዬን የጻፈችው እሷ ናት፣ የእጅ ጽሑፏን አውቄዋለሁ፤ የራሷ ምስጋና ስለሆነ አንተ አትክፈተው። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ሳይሸሽ ከያዝከው። ደጃችሁ ላሉት ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ለአንተ ለጋሽዬ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ እንደ ልማድህ «ምንም አይደለም» እንዳትለኝ። ምንም አልነበረም እንዴ? እጅህ ነበር።

እህትህ

ከመጋዘኑ መመገቢያ ክፍል
የካቲት 17 ቀን